ሁለት ኬብል ተዘርግቶ አንዱ ብቻ ሲሠራ

የአንድ ፎቅ ስዊች ከሕንፃው ዋና ስዊች ጋር የሚገናኝበት መስመር አፕሊንክ ይባላል። ፎቁ ላይ ያሉት ኮምፒውተሮች፣ ስልኮችና ፕሪንተሮች ወደ ሰርቨርም ሆነ ወደ ኢንተርኔት የሚያልፉት በእሱ በኩል ስለሆነ፣ ኔትወርክ ሲጨናነቅ ቀድሞ የሚጠበው እሱ ነው። አርባ ሠራተኛ በአንድ ጊጋቢት አፕሊንክ ሲጠቀም ጠዋት ጠዋት ፋይል መክፈት ሰዓት ይፈጃል። ያን ጊዜ የሚታሰበው ሁለተኛ ኬብል መጎተት ነው። ኬብሉ ይጎተታል፤ የሁለቱም ፖርቶች መብራት ይበራል፤ ፍጥነቱ ግን እንደነበረው ይቀራል።

ይህ የሚሆነው ስዊቾች በሁለት መሣሪያዎች መካከል ሁለት መንገድ ሲያዩ ስለሚሰጉ ነው። ለሁሉም የሚላክ ፍሬም በአንዱ ኬብል ወጥቶ በሌላው ሊመለስ፣ ተመልሶም እንደገና ሊወጣ ይችላል። የኤተርኔት ፍሬም ደግሞ ዕድሜውን የሚቆጥርለት ነገር የለውም፤ መዞር ከጀመረ የሚያቆመው የለም፣ በሰከንዶች ውስጥም ኔትወርኩን ያንቀዋል። ይህን ለመከላከል ስፓኒንግ ትሪ የሚባለው ፕሮቶኮል ከሁለቱ ኬብሎች አንዱን ይዘጋዋል። የተዘጋው ኬብል የሚከፈተው ሌላው ሲበጠስ ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለተኛውን ኬብል ዝም ብሎ መሰካት መጠባበቂያ ይሰጣል እንጂ ፍጥነት አይጨምርም።

መውጫው ሁለቱ ኬብሎች ለስፓኒንግ ትሪ እንደ አንድ መስመር እንዲታዩ ማጣመር ነው። በ1990ዎቹ አምራቾች ይህን የሚያደርጉት እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መንገድ ነበር። አይ ትሪፕል ኢ በ2000 ዓ.ም. እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር 802.3ኤዲ የተባለውን የጋራ ደረጃ አወጣ፤ በ2008 ደግሞ ወደ 802.1ኤኤክስ አዛወረው። የማጣመሩን ድርድር የሚያካሂደው ፕሮቶኮል ኤልኤሲፒ ይባላል። ዛሬ የሁለት የተለያዩ ፋብሪካዎች ስዊች ተጣምሮ የሚሠራው በእሱ ነው።

ኤልኤሲፒ የሚሠራው ቀላል ነገር ነው። በእያንዳንዱ ኬብል ላይ ለየብቻ አጭር መልእክት ይልካል። መልእክቱ የላኪውን መሣሪያ መለያ፣ ፖርቱ የየትኛው ጥምር አባል እንደሆነ የሚገልጽ ቁልፍ የተባለ ቁጥር፣ የፖርቱን ቁጥርና ያለበትን ሁኔታ ይይዛል። ከዚያም ላኪው ከወዲያኛው ወገን የሰማውን መልሶ ይጨምርበታል፤ «እኔ ይህ ነኝ፤ አንተ ደግሞ እንዲህ እንደሆንክ ሰምቻለሁ» እንደማለት ነው። አንድ ስዊች በሁለቱም ኬብሎች የአንድ መሣሪያ መለያና አንድ ዓይነት ቁልፍ ከሰማ ኬብሎቹን ያጣምራቸዋል። አንደኛው ኬብል በስህተት ሌላ ስዊች ላይ ተሰክቶ ከሆነ የሚሰማው መለያ ይለያያል፤ ያኔ አያጣምራቸውም። አንዱ ኬብል ተጎድቶ ፍጥነቱ ወደ 100 ሜጋቢት ወርዶ ከሆነም እንደዚያው ነው፤ ፍጥነት ሲለወጥ ቁልፉም ስለሚለወጥ ያ ኬብል ከጥምሩ ውጭ ይሆናል።

መልእክቱ የሚላክበት ፍጥነት ሁለት ዓይነት ነው። በዝግታው በየ30 ሰከንዱ ይላካል፤ 90 ሰከንድ ሙሉ ካልተሰማ ወዲያኛው ወገን እንደጠፋ ይቆጠራል። በፈጣኑ በየሰከንዱ ይላካል፤ ሦስት ሰከንድ ዝምታ ይበቃል። ብዙ ባለሙያዎች አንዱ ወገን ፈጣን፣ ሌላው ዝግተኛ ከሆነ ጥምሩ አይመሠረትም ብለው ይሠጋሉ። ይህ ስጋት መሠረት የለውም። እያንዳንዱ ወገን የሚያሳውቀው ራሱ በምን ፍጥነት መስማት እንደሚፈልግ ነው፤ ሌላው ደግሞ በዚያ ፍጥነት ይልክለታል። ጥምሩን የሚያፈርሰው የፍጥነት ልዩነት ሳይሆን ሞድ የሚባለው ነው።

በሲስኮ ስዊቾች ላይ ለዚህ ሥራ የሚጻፉት ሞዶች ሦስት ናቸው። `active` የተባለ ፖርት ሳይጠየቅ መልእክት መላክ ይጀምራል። `passive` የተባለው ሲናገሩት ይመልሳል እንጂ ራሱ አይጀምርም። `on` ደግሞ ኤልኤሲፒን ጨርሶ አይጠቀምም፤ ወዲያኛው ወገን ምንም ይሁን ምን ኬብሎቹን አጣምሬያለሁ ብሎ መላክ ይጀምራል። ሁለቱም ወገን `active` ቢሆኑ ጥምሩ ይመሠረታል፤ አንዱ `active` ሌላው `passive` ቢሆኑም ይመሠረታል። ሁለቱም `passive` ከሆኑ ግን ሁለቱም እስኪናገሯቸው ይጠብቃሉ፤ ማንም አይጀምርም።

ከሞድ ስህተቶች ሁሉ ሳይታወቅ ረጅም ጊዜ የሚቆየው ይህ የሁለት `passive` ጉዳይ ነው። መልእክት ያልሰማ ፖርት ምን እንደሚያደርግ በስዊቹ ዓይነት ይወሰናል። አንዳንዱ ስዊች ፖርቱን ያግደዋል፤ ያኔ ፎቁ በሙሉ ይቋረጣል፣ ስህተቱም በዚያው ቀን ይገኛል። ሌላው ስዊች ግን ፖርቱን ከጥምሩ አውጥቶ ራሱን የቻለ ተራ ፖርት አድርጎ ያሠራዋል። ሁለት ተራ ፖርቶች በሁለት ስዊቾች መካከል ሲኖሩ ደግሞ ስፓኒንግ ትሪ ይመጣና አንዱን ይዘጋል። ኔትወርኩ ይሠራል፤ ሁለቱም ኬብሎች ላይ መብራት አለ፤ የስዊቹ ኮንፊገሬሽን ሲታይም የማጣመሩ ትእዛዝ በትክክል ተጽፏል። የጠፋው ግማሹ አቅም ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ መብራት የለውም።

አንዱ ወገን `on` ሌላው `active` ሲሆን ነገሩ ይብሳል። `on` የተባለው ስዊች ሁለቱን ኬብሎች አንድ አድርጎ ይልካል፤ `active` የተባለው ደግሞ ምንም መልእክት ስለማይሰማ ሁለት የተለያዩ ፖርቶች አድርጎ ያያቸዋል ወይም ያግዳቸዋል። ካላገዳቸው ችግሩ እዚያ ላይ ነው። ሁለቱን አንድ አድርጎ የሚያየው ስዊች የስፓኒንግ ትሪ መልእክቱን የሚልከው በአንዱ ኬብል ብቻ ነው፤ ስለዚህ ወዲያኛው ስዊች በሌላው ኬብል በኩል ማን እንዳለ አያውቅም፤ ሁለቱንም ክፍት ያደርጋቸዋል። በአንዱ የገባው ፍሬም በሌላው ይመለሳል፤ ዋናው ስዊች የፎቁን ኮምፒውተሮች ትክክለኛ ቦታ ማወቅ ያቅተዋል። የሲስኮ ስዊቾች ይህን ስህተት የሚጠረጥር ጠባቂ አላቸው፤ ሲያገኘው ፖርቶቹን `err-disabled` ብሎ ይዘጋቸዋል። ይህ ስህተት ብዙ ጊዜ የሚፈጠረው አሮጌ ስዊች ተነስቶ አዲስ ሲተካ ነው፤ አዲሱን የሚያስገባው ባለሙያ በጥሩ ልማድ `active` ይጽፋል፣ ዋናው ስዊች ላይ ግን ከዓመታት በፊት የተጻፈው `on` እንዳለ ነው።

ሁለቱም ወገን `on` ቢሆኑስ? ይሠራል፤ ብዙ ቦታም እንዲሁ ይገኛል። ጉዳቱ የሚታየው መሐል ላይ ሌላ መሣሪያ ሲኖር ነው። ለምሳሌ በሁለት ሕንፃዎች መካከል ፋይበርን ወደ መዳብ ኬብል የሚቀይር ትንሽ ሣጥን ካለ፣ ፋይበሩ ቢበጠስም በሣጥኑና በስዊቹ መካከል ያለው ኬብል ደህና ስለሆነ የፖርቱ መብራት ላይጠፋ ይችላል። `on` የተባለው ስዊች የሚያምነው መብራቱን ብቻ ነውና ግማሹን ትራፊክ ወደ ተበጠሰው መስመር መላኩን ይቀጥላል። ከሠራተኞቹ ግማሾቹ ይሠራላቸዋል፤ ግማሾቹ ምንም አያገኙም፤ ወይም አንዱ ሠራተኛ አንዱ ሰርቨር ይከፈትለትና ሌላው እምቢ ይለዋል። ኤልኤሲፒ ቢኖር ኖሮ መልእክቱ ሲቋረጥ ኬብሉን በራሱ ከጥምሩ ያወጣው ነበር። ስለዚህ ሁለቱም መሣሪያዎች ኤልኤሲፒን የሚያውቁ ከሆነ፣ በሁለቱም ወገን `active` መጻፍ የተሻለው ምርጫ ነው፤ `passive` የሚጠቅምበት ቦታ ጥቂት ነው።

በፎቁ ስዊች ላይ የሚጻፈው ይህ ነው፤ በዋናው ስዊች ላይም የፖርቶቹ ቁጥር ብቻ ተለውጦ ያው ይጻፋል፦

```
interface range GigabitEthernet1/0/49 - 50
 channel-group 1 mode active
```

መሥራቱን ለማረጋገጥ `show etherchannel summary` ይባላል። የሚነበበው ከእያንዳንዱ ፖርት አጠገብ በቅንፍ ያለው ፊደል ነው፦

```
Group  Port-channel  Protocol    Ports
1      Po1(SU)       LACP        Gi1/0/49(P) Gi1/0/50(P)
```

`P` ማለት ፖርቱ በጥምሩ ውስጥ ነው ማለት ነው። `I` ከሆነ ብቻውን እየሠራ ነው፤ `s` ከሆነ ታግዷል፤ `D` ከሆነ ኬብሉ ራሱ የለም ወይም ተበላሽቷል። ከሁለቱ አንዱ እንኳ `P` ካልሆነ ቀጣዩ ትእዛዝ `show lacp counters` ነው። እዚያ የተላከው ቁጥር እየጨመረ የተቀበለው ዜሮ ላይ ከቆመ፣ ይህኛው ወገን እየተናገረ ወዲያኛው አይመልስም ማለት ነው፤ ወዲያኛው `on` ነው፣ ወይም ፖርቱ ከጥምሩ ተረስቷል፣ ወይም ኬብሉ ያልታሰበ ቦታ ገብቷል። የተላከውም የተቀበለውም ዜሮ ከሆነ ሁለቱም `passive` መሆናቸውን መጠርጠር ይገባል።

ሁለቱም ፖርቶች `P` ሆነው ሳለ አንዱ ኬብል ሥራ ፈትቶ የሚውልበት ሁኔታም አለ። ይህኛው ከድርድሩ ጋር አይገናኝም። ጥምሩ በትክክል ተመሥርቷል፤ ስህተቱ ትራፊኩ በሁለቱ ኬብሎች በሚከፋፈልበት ስሌት ላይ ነው።

ስዊች የሚልከውን ፍሬም አንዱን በዚህ፣ ቀጣዩን በዚያ ኬብል እያደረገ አያፈራርቅም። እንዲያ ቢያደርግ የአንድ ፋይል ቁርጥራጮች በተለያየ ጊዜ ደርሰው ቅደም ተከተላቸው ይዛባል፤ ተቀባዩ ኮምፒውተርም የጠፋ ነገር ያለ መስሎት ደግመህ ላክ እያለ ሥራው ይጓተታል። ደረጃው የሚጠይቀው የአንድ ግንኙነት ፍሬሞች ሁሉ በአንድ ኬብል እንዲያልፉ ነው። ስለዚህ ስዊቹ ከእያንዳንዱ ፍሬም ላይ አድራሻ ያነባል፤ በአድራሻው ላይ ሀሽ የሚባል አጭር ስሌት ይሠራል፤ ውጤቱ ኬብሉን ይወስናል። ታርጋቸው በጎዶሎ ቁጥር የሚያልቅ መኪኖች በአንድ መንገድ፣ በሙሉ ቁጥር የሚያልቁት በሌላው ይሂዱ እንደተባለ መንገድ ነው። አንድ መኪና ሁልጊዜ በአንድ መንገድ ይሄዳል፤ መንገዶቹ እኩል የሚሞሉት ግን ታርጋዎቹ ከተለያዩ ብቻ ነው።

ዋናው ጥያቄ ስዊቹ የትኛውን አድራሻ ያነባል የሚለው ነው። የላኪውን ማክ አድራሻ፣ የተቀባዩን ማክ አድራሻ፣ የሁለቱን አይፒ አድራሻ፣ አንዳንዴም የፕሮግራሞቹን የፖርት ቁጥር ሊያነብ ይችላል። ይህ ምርጫ በኤልኤሲፒ ድርድር አይወሰንም። እያንዳንዱ ስዊች የሚወስነው ራሱ ስለሚልከው ትራፊክ ብቻ ነው፤ የሚቀበለውን በየትኛውም ኬብል ቢመጣ ይቀበላል። ሁለቱ ወገኖች የተለያየ ሀሽ ቢጠቀሙ ምንም አይበላሽም፤ እንዲያውም አንዳንድ ጊዜ የተለያየ መሆኑ የሚሻልበት ቦታ አለ። ሀሹ መግጠም ያለበት ከወዲያኛው ስዊች ጋር ሳይሆን በዚያ አቅጣጫ ከሚያልፈው ትራፊክ ጋር ነው። መግጠም የሚለው ቃል ብዙዎችን የሚያሳስታቸው እዚህ ላይ ነው፤ ሁለቱን ስዊቾች አንድ ዓይነት በማድረግ ችግሩን ሊፈቱ ይሞክራሉ፤ አንዳንዴም በዚያው ያመጡታል።

አንድ ጉዳይ እስከ መጨረሻው ቢታይ ይህ ግልጽ ይሆናል። በአንድ መሥሪያ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ አርባ ኮምፒውተሮች በአንድ ካታሊስት 2960 ስዊች ላይ ተሰክተዋል እንበል። ከእሱ ሁለት የጊጋቢት ኬብሎች ምድር ቤት ወዳለው ካታሊስት 3750 ወርደው በኤልኤሲፒ ተጣምረዋል፤ በሁለቱም ወገን ሁሉም ፖርት `P` ነው። የፎቁ ኮምፒውተሮች አድራሻ ከ192.168.20.11 ጀምሮ ነው። የፋይል ሰርቨሩ በሌላ ኔትወርክ ውስጥ፣ በ192.168.10.5 ይገኛል፤ ከአንዱ ኔትወርክ ወደ ሌላው የሚያሻግረው ጌትዌይም ያው 3750 ነው። በእነዚህ ሁለት ስዊቾች ላይ ማንም ካልነካው የሚሠራው ሀሽ `src-mac` ነው፤ የላኪውን ማክ አድራሻ ብቻ ያነባል።

መጀመሪያ ወደ ታች፣ ከፎቁ ወደ ምድር ቤት የሚሄደው ትራፊክ ይታይ። ላኪዎቹ አርባ ኮምፒውተሮች ናቸው፤ አርባ የተለያየ ማክ አድራሻ አላቸው። የ2960ው ሀሽ እነዚህን በሁለቱ ኬብሎች ላይ ተቀራራቢ አድርጎ ይበትናቸዋል። እዚህ ላይ ምንም ችግር የለም።

አሁን ወደ ላይ የሚወጣው ይታይ። ፋይሉን የላከው ሰርቨሩ ነው፤ ነገር ግን ፍሬሙ በጌትዌዩ ሲያልፍ የላኪው ማክ አድራሻ በጌትዌዩ ማክ አድራሻ ይተካል። ይህ ማንኛውም ራውተር የሚያደርገው ነው። ስለዚህ 3750ው ወደ ፎቁ የሚልከው ፍሬም ሁሉ፣ ከፋይል ሰርቨሩም ይምጣ ከኢንተርኔት፣ ለማንኛውም ሠራተኛ ይሂድ፣ ላኪው አንድ ማክ አድራሻ ነው። አንድ አድራሻ ሁልጊዜ አንድ የሀሽ ውጤት ይሰጣል፤ አንድ ውጤት ደግሞ አንድ ኬብል ነው። አርባ ሰው ፋይል ሲያወርድ ሁሉም በዚያው በአንዱ ይጨናነቃል፤ ሌላው ባዶ ነው። ቢሮ ውስጥ ከሚላከው ይልቅ የሚወርደው ስለሚበዛ፣ ሁለተኛው ኬብል ተጎትቶ ምንም ያልተጠቀመ ያህል ነው። ሰርቨሩ ከፎቁ ጋር በአንድ ኔትወርክ ውስጥ ቢሆን እንኳ ውጤቱ አይለወጥም፤ ያኔ የሚነበበው የሰርቨሩ የራሱ አንድ ማክ አድራሻ ይሆናል።

ይህን ማየት የሚቻለው በዋናው ስዊች ላይ በእያንዳንዱ ፖርት የሚወጣውን መጠን በማወዳደር ነው። ጫና ባለበት ሰዓት `show interfaces` ሲባል የሁለቱ ፖርቶች መስመር እንዲህ ሊመስል ይችላል፦

```
Gi1/0/1  5 minute output rate 931204000 bits/sec
Gi1/0/2  5 minute output rate 14000 bits/sec
```

መውጫውና መግቢያው ለየብቻ መታየት አለባቸው። የፎቁን ስዊች ብቻ ከፍቶ የሚወጣውን የሚያይ ሰው ሁለቱ ኬብሎች ተመጣጥነው ያገኛቸዋል፤ ጥፋት የለም ብሎም ይዘጋል። ችግሩ ያለው እሱ በሚቀበለው ላይ ነው፤ የሚታረመው ደግሞ በሚልከው ስዊች ላይ፣ ማለትም በምድር ቤቱ ነው።

እርማቱ በ3750ው ላይ የምትጻፍ አንዲት መስመር ናት፦

```
port-channel load-balance src-dst-ip
```

ይህ ሀሽ የላኪውንና የተቀባዩን አይፒ አድራሻ አንድ ላይ ያነባል። ጌትዌይ ማክ አድራሻን ይተካል እንጂ አይፒ አድራሻን አይነካም፤ ስለዚህ የአርባዎቹ ሠራተኞች ልዩነት እንደገና ይታያል። ስሌቱን በቀላሉ ለመረዳት የሁለቱን አድራሻዎች የመጨረሻ ቁጥር መደመር ይበቃል፤ ድምሩ ሙሉ ከሆነ አንደኛው ኬብል፣ ጎዶሎ ከሆነ ሁለተኛው እንበል። ሰርቨሩ 5 ነው። ለ11 ቁጥር ኮምፒውተር የሚላከው 5 ሲደመር 11፣ 16 ስለሚሆን በአንደኛው ይሄዳል። ለ12 ቁጥር የሚላከው ግን 17 ስለሆነ በሁለተኛው ይሄዳል። እውነተኛው ስዊች ከመጨረሻዋ ቁጥር በላይ ያነባል፤ ውጤቱን በስምንት ክፍል መድቦ ለሁለት ኬብሎች አራት አራት ያካፍላል። ሐሳቡ ግን ይኸው ነው። `dst-mac` ቢመረጥም እዚህ ቦታ ላይ ይሠራ ነበር፤ ወደ ላይ በሚሄደው አቅጣጫ ተቀባዮቹ አርባ ናቸውና። ያንኑ `dst-mac` በፎቁ ስዊች ላይ መጻፍ ግን ደህናውን አቅጣጫ ያበላሻል፤ ከፎቁ የሚወጣው አብዛኛው ፍሬም የሚላከው ወደ አንዱ ጌትዌይ ነው። ሁለቱን ወገኖች አንድ ዓይነት ማድረግ የሚጎዳው በዚህ መንገድ ነው።

ትእዛዙ ለአንድ ጥምር ብቻ ሳይሆን በዚያ ስዊች ላይ ላሉት ጥምሮች ሁሉ የሚሠራ መሆኑን ማሰብ ይገባል። ከመቀየሩ በፊት ለአንድ ሠራተኛ የትኛው ኬብል እንደሚደርስ መጠየቅም ይቻላል። `test etherchannel load-balance` የሚለው ትእዛዝ በሚደግፉት ስዊቾች ላይ የጥምሩ ስምና ሁለቱ አድራሻዎች ሲሰጡት፣ ምንም ሳይልክ ስሌቱን ሠርቶ የተመረጠውን ፖርት ይናገራል።

በሊኑክስ ሰርቨር ላይም ሁለቱ ስህተቶች በሌላ ስም ይገኛሉ። ሁለት የኔትወርክ ካርዶች ተጣምረው `bond0` ሲባሉ ኤልኤሲፒ የሚሠራው ሞዱ `802.3ad` ሲሆን ነው። በስዊቹ በኩል ጥምሩ ካልተሠራ ሰርቨሩ አይቆምም፤ እያንዳንዱን ካርድ ብቻውን ቆጥሮ አንዱን ያሠራል፣ ሌላውን ያስቀምጣል። `/proc/net/bonding/bond0` የሚለው ፋይል ሲነበብ የወዲያኛው መሣሪያ ማክ አድራሻ `00:00:00:00:00:00` ከሆነ ማንም አልመለሰም ማለት ነው። የሁለቱ ካርዶች `Aggregator ID` የተለያየ ከሆነም አልተጣመሩም። ሀሹ ደግሞ ካልተነካ `layer2` ነው፤ ማክ አድራሻን ያነባል። ተጠቃሚዎቹ በራውተር ማዶ ያሉበት ሰርቨር የሚልከው ሁሉ ወደ አንዱ ራውተር ማክ አድራሻ ስለሆነ፣ ልክ እንደ 3750ው በአንድ ካርድ ብቻ ይወጣል። `xmit_hash_policy` የሚለው ወደ `layer2+3` ወይም ወደ `layer3+4` ሲቀየር ይስተካከላል፤ ሁለተኛው ከአይፒ አድራሻ ሌላ የፖርት ቁጥሮችንም ያነባል።

ሁሉም ነገር ትክክል ሆኖም አንዱ ኬብል ባዶ የሚሆንበት አንድ ሁኔታ ይቀራል፤ ይኸኛው ስህተት አይደለም። ሌሊት ላይ አንድ ሰርቨር 400 ጊጋባይት የሚሆን መጠባበቂያ ቅጂ ወደ ሌላ ሰርቨር ይልካል እንበል። በአንድ ጊጋቢት ኬብል በተግባር የሚገኘው በሰከንድ 110 ሜጋባይት ገደማ ስለሆነ ሥራው አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ኬብሎቹ ሁለት ስለሆኑ ግማሽ ሰዓት ይበቃል ብሎ የሚጠብቅ ሰው አያገኘውም። ላኪው አንድ፣ ተቀባዩ አንድ፣ ግንኙነቱም አንድ ስለሆነ፣ ሀሹ ምንም ያህል ቢሻሻል ውጤቱ አንድ ኬብል ነው። የቅጂው ፕሮግራም ሥራውን በብዙ ግንኙነቶች ከፋፍሎ መላክ የሚችል ከሆነ፣ በመንገዱ ያሉት መሣሪያዎችም የፖርት ቁጥር የሚያነብ ሀሽ ከተጠቀሙ፣ ግንኙነቶቹ በሁለቱ ኬብሎች ሊበተኑ ይችላሉ። መበተናቸው ግን በቁጥሮቹ ዕድል ላይ የተመሠረተ ነው፤ አራት ግንኙነት ተከፍቶ አራቱም አንድ ኬብል ላይ ሊወድቅ ይችላል።

ሀሽ የሚቆጥረው አድራሻን እንጂ ጫናን አይደለም። ከአርባው ሠራተኛ ሃያው በአንደኛው፣ ሃያው በሁለተኛው ኬብል ቢደርሳቸውም፣ ከመጀመሪያዎቹ ሃያ መካከል ሁለቱ ቪዲዮ የሚያቀናብሩ ከሆኑ የእነሱ ኬብል ሊሞላ፣ ሌላው ሦስተኛውን ያህል ብቻ ሊሠራ ይችላል። ስዊቹ የሞላውን አይቶ ወደ ባዶው አያሸጋግርም። ስለዚህ በሁለት የጊጋቢት ኬብሎች ጥምር ላይ 500 እና 350 ሜጋቢት የሚያሳይ ቁጥር ጤናማ ነው፤ እሱን እኩል ለማድረግ ሀሽ እየቀያየሩ መድከም አያስፈልግም። 900 እና ዜሮ የሚያሳይ ግን ከላይ ከተዘረዘሩት በአንዱ የተያዘ ነው። አንድ ነጠላ ግንኙነት ከአንድ ጊጋቢት በላይ የሚፈልግበት ቦታ ላይ ደግሞ ሦስተኛና አራተኛ ኬብል መጨመር ዋጋ የለውም፤ የሚያስፈልገው አንድ የ10 ጊጋቢት መስመር ነው።